የስም አውጪዋ ጣትና የማሽኑ መስመር

ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም የሚያውቃት ወላጆቿ ባወጡላት ስም አይደለም፤ ስም አውጪዋ ነው የምትባለው። ለሕፃናት ስም የምታወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ሕፃን ስታይ ፊቷ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ይኮማተራል። እሷ ስም የምታወጣው ለጉበት፣ ለሥር፣ ለደመና፣ ለጥንዚዛ እግር ነው። የምትሠራበት ማተሚያ ቤት በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ትልልቅ የትምህርት ሥዕሎችን ያትማል፤ ቻርት የሚባሉትን። ሰዓሊው ይስላል፤ እሷ ከእያንዳንዱ ነገር ላይ ቀጭን መስመር ስባ ጫፉ ላይ ምን እንደሚባል ትጽፋለች። በመጨረሻም ታችኛው የቀኝ ጥግ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ትፈርማለች። ያ አረንጓዴ ፊርማ የሌለበት ሥዕል ወደ ማተሚያው አይወርድም።

ንቀት እንደ ስፖርት ቢቆጠር ኖሮ የሴትዮዋ ቤት ዋንጫ በዋንጫ በሆነ ነበር። ሰዓሊዎችን ትንቃለች፤ «ላም ሳል ሲሉት አምስት ጡት ሰክቶ ጥበብ ነው ይላል» ትላለች። መምህራንን ትንቃለች፤ «ቻርቱን ዘቅዝቀው ሰቅለው ልጁ አልገባውም ብለው ይገርፉታል።» የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ትንቃለች፤ ሰውየው ሥዕል የሚያነሳው ለማየት ሳይሆን የወረቀቱን ውፍረት በጣቱ ለመዳበስ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር እህቷን እንኳ አትምርም። ወጥ ቤት ያሉትን ብልቃጦች ሁሉ በገዛ እጇ ጽፋ ለጥፋባቸዋለች፤ «ያለ እኔ ጽሑፍ ጨውና ስኳር አትለይም» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እህቷም የዋዛ አይደለችም፤ አንድ ቀን በስም አውጪዋ ኮት ጀርባ ላይ «ኩራት» ብላ ጽፋ ለጥፋባት ሙሉ ቀን ይዛው ዞራለች። ማተሚያ ቤቱ በሙሉ አይቶታል። የነገራት የለም።

ወደዚያ ፎቅ የወጣችው ተመርጣም ተምራም አልነበረም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሥራዋ ምድር ቤት፣ መጠቅለያ ክፍል ውስጥ፣ የታተመውን ቻርት እየጠቀለሉ በላስቲክ ማሰር ነበር። አንድ ቀን የሰው አፅም የተሳለበት ቻርት እጇ ገባ። ሥራ ፈት ጣቷን ከአንድ ቃል ላይ አንስታ መስመሩን ተከትላ ስትሄድ፣ «የጭን አጥንት» የሚለው ጉዞውን የጨረሰው ክንድ ላይ ነው። «ኧረ ይኼ ሰውዬ በእጁ ነው እንዴ የሚሄደው?» ብላ ጮኸች። የዛሬው ባለቤት አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰምተው ወረዱ፤ አዩ፤ ሦስት ሺህ ቻርት አስቆሙ። በማግስቱ ሃያ ሁለቱን ደረጃ አስወጥተው መስኮት ዳር ወንበር ሰጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሥዕል ጣቷ ሳይሄድበት ፈርማ አታውቅም። ከቃሉ እስከ ነገሩ፣ ከነገሩ እስከ ቃሉ። ጥፍሯ አጭር የሆነው ለዚህ ነው፤ እህቷ ግን ከጭንቀት የተነሳ ስለምትበላው ነው ትላለች።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ የእህቱን ልጅ አስከትሎ ፎቁ ላይ ወጣ። ልጁ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ኮምፒውተሩን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ያቀፈ ጎረምሳ ነው።

«ሰዓሊው ዓይኑ እንደደከመ ታውቂያለሽ» አለ ባለቤቱ። «ከእንግዲህ የሚስለው ማሽን ነው። ይኼ ልጅ ያዛል፣ ማሽኑ ይስላል።»

«ያዛል? አዛዥ ነዋ!» አለች። ያን ጊዜ ነው ልጁ አዛዡ ሆኖ የቀረው።

«ደግሞ ማሽኑ ይጽፋል። መስመሩንም ስሙንም ራሱ ነው የሚያስገባው። ሐሙስ ቻርት የሚመርጡት መምህር ሁለት ናሙና ሊያዩ ይመጣሉ፤ እሳተ ገሞራና የዕፅዋት ህዋስ። ጥሩ ከወጣ፣ እንግዲህ...» አላት ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሽሽቶ፣ «መጠቅለያው ክፍል ሰው ይጎድለዋል።»

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ቁልቁል! ስም አውጪዋ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፍታ ዘጋች፤ ከፍታ ዘጋች።

አዛዡ ሥራውን የጀመረው እሷ ጎን ተቀምጦ ነው። «እሳተ ገሞራ፣ ለሁለት ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ፣ ለሰባተኛ ክፍል የሚሆን፣ ክፍሎቹ በአማርኛ የተሰየሙ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ሥዕሉ ወጣ። እውነት ለመናገር ያምራል። የተራራው ንብርብር እንደ ኬክ ተቆርጧል፤ ቀዩ ቅልጥ አለት ይንተከተካል፤ አመዱ ሰማዩን ሞልቶታል። እሷም ማማሩን አየች፤ አየችና ተናደደች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ወደ ጽሑፉ ቀረበች፤ ፊቷ ወዲያው በራ።

ከሩቅ አማርኛ ይመስላል። ከቅርብ ግን ፊደሎቹ ከሚሮጥ መኪና ላይ የተወረወሩ ናቸው።

«ና እስቲ አንብብልኝ የኔ አዛዥ። ይኼ ሐ ነው ወይስ እግሩ የተሰበረ በርጩማ?»

«እ... እሱ...»

«ይቺስ? ቋ ልትሆን ተነስታ መንገድ ላይ ሐሳቧን የቀየረች ናት። ይኼኛውን ደግሞ ተወው፤ ይኼ ፊደል ሳይሆን የደረቀ ትንኝ ነው።»

«ይቆዩ እትዬ፣ አጻጻፉን አስተካክል እለዋለሁ።»

ማሽኑን እንደዚያው አዘዘው። ሌላ ሥዕል ወጣ። ፊደሉ ያው ትንኝ፤ ተራራው ግን አፉ ሁለት ሆኗል፣ ንብርብሩም ጠፍቷል።

«ፊደል አስተካክል ብትለው ተራራ አፈረሰ?»

«በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚስለው» አለ አዛዡ አንገቱን እያከከ። በእንግሊዝኛ ሞከረ። ማግማ የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ጻፈለት፤ በአንደኛው ላይ ኤም የምትለዋ ፊደል አራት ጊዜ ተደርድራለች። የስም አውጪዋን ሳቅ ደረጃው ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ሰሙት።

ልጁ ግን፣ ለሱ ክብር ሲባል ይነገርና፣ አልዋሸም። «እትዬ፣ ይኼ ነገር የሚጽፍ አይደለም፤ ጽሑፍ የሚስል ነው። ድንጋይና አመድ እንደሚስለው ፊደልንም በመልኩ ነው የሚስለው፤ ምን ማለት እንደሆነ አይደለም የሚያስበው። የእንግሊዝኛው ብዙ ስላየ ትንሽ ይሻላል። የኛን ፊደል ደግሞ በጥቂቱ ነው ያየው።»

«አላየም እንጂ ቢያይ አይደፍረንም ነበር» አለች። «ስማ አንተ። መጻፍ ካልቻለ አትጻፍ በለው! ሥዕሉን ብቻ ይስጠን፤ ግራና ቀኙን ባዶ ይተው። ስሙን እኔ በኮምፒውተር ፊደል አስገባለሁ፣ እንደ ሰው።»

አዛዡ እንደተባለው አዘዘ፤ ምንም ጽሑፍ፣ ምንም ፊደል፣ ምንም ቁጥር፣ ዳርና ዳሩ ነጭ። መጀመሪያ የወጣው ላይ ታች በቀኝ ጥግ በኩል ፊርማ የመሰለ ጭረት ጣል አድርጎበታል።

«ወይ ድፍረት! ፊርማዬንም ሊወስድ ነው!»

ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አዛዡ እጁን ወደ «አስቀምጥ» ሲሰድ ስም አውጪዋ መታችው። ጣቷን የተራራው አፍ ላይ አኑራ በቱቦው ቁልቁል ነዳችው። ጣቷ መንገድ ላይ ቆመ። ቱቦው ከታች ካለው የቅልጥ አለት ጎድጓዳ ሳይደርስ ድንጋይ ውስጥ ተቋርጧል።

«እና ይኼ ላቫ ከየት መጣ? ከጎረቤት ተበድሮ ነው?»

«ማን ያየዋል እትዬ?»

«የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያየዋል። አንተ ሰባተኛ ክፍል ሳለህ ተኝተህ ስለነበር ነው።»

አዛዡ ያቺን ቦታ ብቻ ከልሎ፣ ቱቦው ከጎድጓዳው ጋር ይገናኝ ብሎ እንደገና አዘዘ። ሦስት ጊዜ እምቢ አለ፤ በአራተኛው ገጠመ። እሷም ስምንት መስመር ስባ ስምንት ስም ጻፈች፣ በወረቀት አውጥታ በጣቷ ሄደችባቸው፣ ፈረመች። ማክሰኞ ማታ ቤቷ ገብታ ለእህቷ ያወራችው ስለ እሳተ ገሞራው ሳይሆን ስለ ልጁ አንገት ነበር። «ባፈረ ቁጥር ያከዋል። ሐሙስ እስኪደርስ ቆዳው ያልቃል።»

«አንቺስ ምን አድርጎሽ ነው የምትሳደቢው? ልጁ እንዳልሽው አልታዘዘም እንዴ?»

«መታዘዙ ነው የሚያስንቀው!»

ረቡዕ የህዋሱ ተራ ሆነ። አዛዡ ጠዋት ሲገባ ፊቱ ሰንበት ይመስላል። የማሽኑ አዲስ እትም ወጥቷል፣ ይኼኛው በፊደል ይሻላል፣ ልሞክረው አለ። የሰኞውን ትምህርት ረስቶ «ከነስሞቹ» ብሎ አዘዘ። የወጣውን ሥዕል ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። አረንጓዴ አጥር የመሰለ ግድግዳ፣ ውስጡ ሐምራዊ ፊኛ የመሰለ ትልቅ ቫኪዩል፣ ዳር ተገፍቶ የተቀመጠ ክብ ኒውክለስ፣ የተበተኑ አረንጓዴ ክሎሮፕላስቶች። ከእያንዳንዱም ፀጉር የሚያህል ቀጭን መስመር ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ሥርዓት ያለው ጥቁር ነጥብ። ቃላቱም ከሞላ ጎደል ይነበባሉ። «ኒውክልስ» ይላል። «ክሎርፕላት» ይላል። «የህውስ ግድድዳ» ይላል።

«አየኋት! ግድድዳ!» አለች ስም አውጪዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። «ይኼው! ያለ እኔ አይሆንም! ግድድዳ ላይ ነው የምትሰቅሉት?»

አዛዡ ተከፋ። «ቢያንስ መስመሩ አያምርም? እሱን እንኳ ያመስግኑ።»

«መስመርማ ማንም ያሰምራል» አለች፤ ይቺን ቃል አስታውሱልኝ። «ፊደል ነው ሰው የሚለየው።»

ቁጭ ብላ የማሽኑን ቃል አንድ በአንድ በነጭ እየሸፈነች በላዩ የራሷን ጻፈች። «ኒውክልስ» የነበረበት ላይ «ኒውክለስ»፤ «ግድድዳ» የነበረበት ላይ «የህዋስ ግድግዳ»። አሥራ አንድ ስም። አንዱንም አልሳተችም፣ እንደ ፊደልማ ከሆነ። በእያንዳንዱ ማረሚያ ላይ አንድ ስድብ ትጨምር ነበር፤ ስድቡ ስለጣፈጣት ሥራው ሳታውቀው አለቀ። የዕፅዋትን ህዋስ ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንቴ ሠርታዋለች! ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ችግሩም ይኸው ነው፣ ዓይኗን ጨፍና ሠራችው። ጣቷ የዚያን ቀን ሥራ አልያዘም፤ የአዛዡን ስህተት ለመጠቆም ነበር የተነሳው። አረንጓዴውን እስክሪብቶ መዘዘች፤ ፈረመች። ፊርማዋ ከወትሮው ተለቅ ብሎ ነበር።

ሐሙስ በአራት ሰዓት መምህሩ መጡ። ቻርቶቹን ለትምህርት ቤቶች የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ ሁለት መነጽር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ ሳይስቁ የሚሰድቡ ሽማግሌ ናቸው። ንቀት እንደ ስፖርት ቢቆጠር እንደተባለው፣ ስም አውጪዋ ብር ነበር የምታገኘው፤ ወርቁ የሳቸው ነው።

እሳተ ገሞራውን አዩ። «ይሁን» አሉ። ለሳቸው ይኼ ጭብጨባ ነው። ባለቤቱ እጁን እያሸ ህዋሱን ዘረጋ።

መምህሩ አንድ ልማድ አላቸው፤ ቃሉን በመዳፋቸው ይሸፍኑና ከነገሩ ይጀምራሉ። ሐምራዊው ፊኛ ላይ ካረፈው ጥቁር ነጥብ ተነስተው በመስመሩ ሄዱ፤ መዳፋቸውን አነሱ።

«ኒውክለስ» አነበቡ። ቀና አሉ። «ይኼ ነው ኒውክለሱ? ይኼ ትልቁ ውኃ ማጠራቀሚያ?»

ሌላውን ሄዱበት። «የህዋስ ግድግዳ» የሚለው መስመር ግድግዳውን አልፎ ገብቶ መሐል ሜዳ ላይ፣ ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ተኝቷል። ሁለት መስመር ሁለት አንድ ዓይነት ክሎሮፕላስት ላይ አርፏል፤ አንዱን ክሎሮፕላስት፣ ወንድሙን ማይቶኮንድሪያ ብሎታል። አንደኛው መስመር ደግሞ ነጥቡን ያሳረፈው ከህዋሱ ውጭ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ስሙ ግን አምሮ፣ ጠርቶ፣ ያለ አንዲት የፊደል ግድፈት ተጽፏል፤ ቫኪዩል።

«ምን ያህል ያምራል» አሉ መምህሩ። «ቃሉ ባይነበብ ኖሮ ልጁ መምህሩን ይጠይቅ ነበር። ይኼን ግን አንብቦ ያምነዋል። ውሸቱን በጥሩ አማርኛ ነው የጻፋችሁት። ማነው ያረመው?»

ባለቤቱ ወደ ስም አውጪዋ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ሃያ ሁለቱ ደረጃዎች ይታያሉ።

መስመሩን የሳበው ማሽኑ ነው ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ያዘዘው ይኼ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ያም እውነት ነው። ልጁም ስድቡን እየጠበቀ አንገቱን ማከክ ጀምሯል። እሷ ግን በዚያች ደቂቃ እያሰበች የነበረው ሰኞ ዕለት ልጁ ያላትን ነው። ጽሑፍ የሚስል ነው እንጂ የሚጽፍ አይደለም። ታዲያ መስመሩንስ? መስመሩንም እኮ የሳለው እንደ ፊደሉ ነው! የመስመርን መልክ ነው የሳለው፤ ጫፉ የት እንደሚያርፍ ምን ገዶት? ፊደሉ ተንጋዶ አስጠነቀቃት፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሸወዳት። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ምድር ቤት የነበረችው ቻርት ጠቅላይ ይኼን በአንድ ጣት ትይዘው ነበር።

«ፊርማው የኔ ነው» አለች።

«ይታያል» አሉ መምህሩ። «ትልቅ ነው።»

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ» አለ ባለቤቱ፤ ያዘነ ለመምሰል ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ማሽኑም ይሳሳታል፣ እሷም ትሳሳታለች። ለሚሳሳት ሰው ፎቅ ምን ያደርግለታል? ከሰኞ ጀምሮ መጠቅለያው...»

«አጎቴ» አለ አዛዡ።

ሁሉም ዞሩ። ልጁ አንገቱን ማከክ ትቷል።

«እሳተ ገሞራው ቱቦው ተቋርጦ ነበር። ያዩት እትዬ ናቸው። እኔ ማን ያየዋል ነው ያልኩት። ትናንት ደግሞ ያለ ጽሑፍ እዘዝ ተብዬ የነበረውን ትቼ ከነጽሑፉ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እትዬ ከወረዱ እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ዛሬም ቢሆን መምህሩ ባይነግሩኝ የትኛው ቫኪዩል እንደሆነ አላውቅም።»

ስም አውጪዋን የቆረጣት ይኼ ነው። የመምህሩን ስድብ ችላው ነበር፤ ስድቡ የሚገባት ነው። የባለቤቱንም ዓይን ችላው ነበር። ግን ይኼ አንገት አካኪ፣ ይኼ ግድድዳ፣ ጠበቃ ሆኖ ይቁምላት? ምነው ዝም ባለ! ደረጃውን ራሷ በወረደችው!

መምህሩ መነጽራቸውን ቀየሩ። ልጁን በአንደኛው፣ እሷን በሌላኛው አዩ። «አንዱ አያውቅም፣ አለማወቁን ግን አይክድም። አንዷ ታውቃለች፣ ያወቀችውን አታይም» አሉ። «ሁለታችሁን አዳብሎ አንድ ሰው ማውጣት ሳይቻል አይቀርም፤ መካከለኛ ሰው። አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። መስመሩ ሁሉ ይጥፋ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ለባለቤቱም «አንተ ወረቀትህን ዳብስ» አሉት።

ስም አውጪዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የማሽኑን መስመሮች በየቦታው ቀለም እየሸፈነች አጠፋች፤ በነጩ ላይ በነጭ፣ በሐምራዊው ላይ በሐምራዊ። ሥዕሉ ዕርቃኑን ቀረ። ከዚያ ከቃል ሳይሆን ከነገር ጀመረች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ክቡ ነገር ላይ አሳርፋ ወደ ውጭ ሳበች፤ ኒውክለስ። ከሐምራዊው ፊኛ ሳበች፤ ቫኪዩል። ማይቶኮንድሪያ ፈለገች፤ የለም። ማሽኑ ረስቶታል፤ የሰየመው የሌለን ነገር ነበር። አዛዡ ቦታ ከልሎ እንዲጨምርበት አዘዘችው፤ በሁለተኛው ሙከራ ውስጡ እጥፋት ያለው ሞላላ ነገር ወጣ። ተመለከተችው። «ይሁን» አለች፤ ከመምህሩ የሰረቀችው ቃል ነው።

እስክሪብቶዋን አንስታ ክዳኗን ከፈተች። አልፈረመችም።

«አንተ።»

«አቤት እትዬ።»

«ጣትህን አምጣ። የቱንም አታውቅም አይደል? እሰይ። የማያውቅ ጣት ነው የምፈልገው፤ የኔው ብዙ ስለሚያውቅ ይዘላል። ከቃሉ ተነሳና በመስመሩ ሂድ፤ ሲያልቅ የምታየውን ጮክ ብለህ ንገረኝ። እንዳትገምት፤ ከገመትክ ጣትህን ነው የምነክስህ።»

ልጁ ጣቱን አሳረፈና ሄደ። አንድ በአንድ። ዘጠነኛው ላይ ቆመ። «ይኼ እትዬ... የሚነካ አይመስለኝም። ሽፋኑ ጋ ሳይደርስ ነው የቆመው።»

መነጽሯን አድርጋ አየች። እውነቱን ነው፤ የፀጉር ያህል ቀርቶታል። የሳበችው ደግሞ ማሽኑ አይደለም፤ እሷ ናት።

«አንገትህን እከክ እስቲ» አለች መስመሩን እየሳበች። «ካላከክህ ጠቢብ የሆንክ ይመስልሃል።»

ልጁ ሳቀ፤ ሥዕሉን በወረቀት አወጣላት፣ ፈረመች። መምህሩ ቻርቱን ተቀብለው መዳፋቸውን ጫኑበት፣ አነሱ፣ ጫኑ፣ አነሱ። አሥራ አንድ ጊዜ። ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ስም አውጪዋ እስከ ዛሬ ፎቁ ላይ፣ መስኮት ዳር ነች። ንቀቷ አልቀነሰም፤ ከገዛ ጣቷ ጀምራ ነው የምትንቀው፣ ያ ብቻ ነው የተለወጠው። ሥዕል ሲመጣ የአዛዡን ጣት ጠርታ ታስኬዳለች፣ ትሰድበዋለች፣ ትፈርማለች። ፊርማዋ ድሮ ወደነበረበት መጠን ተመልሷል። ከጎኑም፣ በእርሳስ፣ እንዳይታይ በጣም ተጠንቅቃ፣ የአንድ ጣት አሻራ የምታህል ክብ ታደርጋለች። ምንድን ነው ብላ እህቷ ስትጠይቃት፣ «ቆሻሻ ነው፤ ማተሚያው ላይ ይጠፋል» አለቻት።

አይጠፋም። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።